ፀጉር ሲረግፍ ደም ምን ይመሰክራል?

ፀጉሯ የሚረግፍባት ሴት ዛሬ ዛሬ ክሊኒክ ስትሄድ፣ ራሷን ገልጦ የሚያይላት ሰው ከማግኘቷ በፊት ደሟ ይቀዳል። አይረን፣ ፌሪቲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ዲ በአንድ ወረቀት ታዝዘው በአንድ ወረቀት ይመለሳሉ። ከአራቱ አንዱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ «ምክንያቱ ታወቀ» ይባልና ኪኒን ይጀመራል። አራቱም ደህና ከሆኑ «ምንም የለብሽም» ተብላ ትሸኛለች። ሁለቱም ድምዳሜ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ሁሉ የመርገፉ ምክንያት አይደለም፤ ደህና የተባለ ቁጥርም ሁሉ ደህና አይደለም። ምርመራዎቹም እኩል ክብደት የላቸውም። ፌሪቲን በትክክል ከተነበበ ብዙ ይናገራል። አይረን ለብቻው የሚናገረው ጥቂት ነው። ዚንክ በአቀዳዱ ላይ ጥንቃቄ ካልተደረገ ያሳስታል። ቫይታሚን ዲ ደግሞ በደንብ ይለካል፤ ከፀጉር መርገፍ ጋር ያለው ዝምድና ግን ከሁሉም የላላ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ከደሙ በፊት ፀጉሩን ማወቅ ይገባል።

እያንዳንዱ የራስ ፀጉር የራሱ ዕድሜ አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እድገቱን ያቆማል፤ ከዚያም ሦስት ወር ገደማ ዐርፎ ቆይቶ ይወድቃል፣ በቦታውም አዲስ ይበቅላል። በጤነኛ ራስ ላይ ከ100 ፀጉር ወደ 85 ወይም 90 የሚሆነው እያደገ ነው፤ የቀረው ዐርፎ የመውደቂያ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ በቀን እስከ 100 ፀጉር ቢወድቅ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሰውነት ሲናወጥ ግን፣ ማለትም ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት፣ ከቀዶ ጥገና ወይም ክብደት በፍጥነት ከቀነሰ በኋላ፣ ገና ማደግ የነበረበት ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል። ወዲያው ግን አይወድቅም። የሚወድቀው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማበጠሪያ ላይ የቀረው ፀጉር የሚመሰክረው የዛሬ ሦስት ወር ስለ ሆነው ነገር ነው፤ ዛሬ የተቀዳው ደም ግን የሚመሰክረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። ሁለቱን ምስክርነት አንድ አድርጎ ማንበብ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚሠሩት ስህተቶች ትልቁ ይመስለኛል።

ነገሩን በአንዲት ሴት ላይ እንከታተለው። ይህች ሴት ለማሳያ የተሰናዳች ናት፤ ታሪኳ ግን የቆዳ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ በየቀኑ የሚታይ ዓይነት ነው። ዕድሜዋ 33 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ የአራት ዓመት ልጅ አላት። ፀጉሯ መርገፍ የጀመረው በጥቅምት አጋማሽ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ተመረመረች። ወረቀቱ ላይ ሄሞግሎቢን 12.5፣ አይረን 92፣ ፌሪቲን 31፣ ዚንክ 60፣ ቫይታሚን ዲ 13 ይላል። ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት የተደረገው በመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ብቻ ነው። «ደምሽ ደህና ነው» ተባለች፤ የዚንክና የቫይታሚን ዲ ኪኒን ተሰጣት። ጥር ሲገባም መርገፉ ስላልቆመ ወረቀቷን ይዛ በዕድሜ ጠና ወዳሉ አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብለው ሳያዩት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «እስቲ መጀመሪያ ሻሽሽን አውልቂልኝ» አሏት። ከዚያ ሃምሳ ስልሳ የሚሆን ፀጉር በሦስት ጣት ጨብጠው፣ ከሥሩ ጀምረው እስከ ጫፉ ቀስ እያሉ ሳቡት። ከአምስት ስድስት በላይ ፀጉር እጅ ላይ ከቀረ መርገፉ አሁንም እየሄደ ነው ማለት ነው። እጃቸው ላይ ዘጠኝ ቀረ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ሲያዩትም የእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት አለ፤ ይህ ዐርፎ የቆየ ፀጉር ምልክት ነው። ከመሃል የተሰበረ ፀጉር ይህ እብጠት የለውም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ከካስክ ሙቀት ወይም ከማለስለሻ ኬሚካል ሊሆን ይችል ነበር። በአራት አቅጣጫ ሳቡት፤ ሁሉም ጋ ተመሳሳይ ነው። መርገፉ ራስን በሙሉ የያዘ እንጂ አንድ ቦታ ላይ የተወሰነ አይደለም።

ሐኪሟ ግን ሌላም ነገር አዩ። ከጆሮዎቿ በላይና በግንባሯ ዳር ፀጉሩ ከሌላው ቦታ በጣም ሳስቷል፤ በጠርዙ ላይ ደግሞ አጫጭር ቀጫጭን ፀጉር በቀጭን መስመር ቀርቷል። ይህ ለዓመታት ተጠብቆ የተሠራ ሹሩባ የሚያመጣው ጉዳት ነው። ለዚህ የሚታዘዝ የደም ምርመራ የለም። በአንድ ራስ ላይ ሁለት የተለያየ መመናመን እንዳለ የታወቀው ገና ወረቀቱ ሳይነበብ ነው።

«መርገፉ ከመጀመሩ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ አሞሽ ነበር?»

«ሐምሌ ላይ ታይፎይድ ይዞኝ ነበር ዶክተር። ዐሥር ቀን ያህል በትኩሳት ተኝቻለሁ፤ እህልም አልበላልኝ ብሎ ነበር።»

«የወር አበባሽስ?»

«ሉፕ ካስገባሁ ወዲህ ይበዛብኛል። ሰባት ስምንት ቀን ይቆያል።»

«ደም የተቀዳሽ ቀንስ እንዴት ነበርሽ?»

ያን ሰሞን ቶንሲሏ ተነሥቶባት ነበር። የተቀዳችው ከምሳ በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ደግሞ «ለፀጉር ጥሩ ነው» ብላ እህቷ የሰጠቻትን የአይረን ኪኒን ውጣ ነበር። ከእነዚህ መልሶች በኋላ ያ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ትርጉሙ ይለወጣል።

በአይረን እንጀምር። ሰውነት ውስጥ ብረት የሚያልቀው በሥርዓት ነው። መጀመሪያ የሚጎድለው በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ውስጥ የተቀመጠው ክምችት ነው፤ ቀጥሎ በደም ውስጥ እየተጓጓዘ ያለው ያንሳል፤ ሄሞግሎቢን የሚወርደው በመጨረሻ ነው። ፌሪቲን የጎተራውን ልክ ሲነግረን፣ አይረን የሚባለው ምርመራ የሚነግረን ያን ሰዓት በአህያ ተጭኖ መንገድ ላይ ያለውን እህል ብቻ ነው። አንድ ኪኒን ከተዋጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ኢንፌክሽን ሲኖር ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንድ ሰው ላይ እንኳ ከጧትና ከማታ ይለያያል። የዚህች ሴት 92 የሚያሳየው የእህቷን ኪኒን ነው። አይረን ጥቅም የሚሰጠው በባዶ ሆድ ተቀድቶ፣ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል እንደተሞላ ለማስላት ሲውል ነው። ይህ ስሌት ከ100 እጅ ከ16 ወይም ከ20 በታች ከሆነ ብረቱ ለሥራ አልበቃም ማለት ነው።

ፌሪቲን ከዚህ የተሻለ ምስክር ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለበት። ሰውነት ኢንፌክሽን ወይም ቁስለት ሲገጥመው ክምችቱ ሳይጨምር የፌሪቲን ቁጥር ይወጣል። ለዚህ ነው የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ሁለት የተለያየ መስመር ያሰመረው፦ ጤነኛ በሆነ ጎልማሳ ከ15 በታች የብረት እጥረት ነው፤ ኢንፌክሽን ወይም ቁስለት ባለበት ሰው ግን ከ70 በታች የሆነው ሁሉ እጥረትን ያስጠረጥራል። ብዙ ሐኪሞች በጤነኛም ላይ ከ30 በታች ሲሆን ክምችቱ ቀጥኗል ብለው ይሠራሉ። ቶንሲሏ ያበጠ ሴት ላይ የተገኘ 31 «ኖርማል» ሊባል የሚችለው ቁስለት መኖሩን የሚያሳየው ሲአርፒ የተባለው ምርመራ ጎን ለጎን ካልታዘዘ ብቻ ነው። ሲአርፒ ርካሽ ነው፤ ፌሪቲን ያለ እሱ መታዘዙ ያሳዝነኛል።

ሄሞግሎቢንም ያታልላል፤ በተለይ በእኛ ደጋ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት የደም ማነስ ወሰን 12 ነው የሚባለው በባሕር ወለል ከፍታ ለምትኖር ሴት ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ ስለዚህ ከተለካው ቁጥር ላይ 1 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ መቀነስ አለበት። የእሷ 12.5 ሲታረም ከ11.5 አይበልጥም። ደሟ ደህና አልነበረም።

ሐኪሟ አይረንንና ፌሪቲንን፣ በዚህ ጊዜ ከሲአርፒ ጋር፣ እንደገና አዘዙ፤ ጉሮሮዋ ከዳነ ሳምንታት አልፈዋል። ኪኒን ለጥቂት ቀናት እንድትተው፣ ምንም ሳትቀምስ ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ እንድትቀዳ ነገሯት። ሲአርፒ 2 ሆኖ ተመለሰ፤ ቁስለት የለም። አይረን 38 ነው፤ ተሸካሚው ፕሮቲን የተሞላው ከ100 እጅ 9 ብቻ ነው። ፌሪቲን 14። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ወረቀቱ በዚህ ጊዜም ከፌሪቲን ጎን ቀስት አላደረገም። የላብራቶሪው ወሰን ከ13 እስከ 150 ነው የሚለው። ይህን የመሰለ ወሰን ብዙ ጊዜ የሚወጣው «ጤነኛ» ከተባሉ ሰዎች ደም ነው፤ የወር አበባ ከሚያዩ ሴቶች መካከል ደግሞ ክምችታቸው የተሟጠጠ ብዙ ናቸው። ጎደሎዎቹ ሲለኩ ወሰኑም አብሮ ወረደ። እጥረትን ከብዙኃን ጋር በማስተያየት ብቻ ማወቅ አይቻልም።

እጥረቱ ከተረጋገጠ ፀጉሯ የረገፈው በእሱ ነው ማለት ነው? ይህ ጥያቄ ለዓመታት ባለሙያዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። በ2006 የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን መርምረው፣ ፀጉር የሚረግፍበት ሰው የብረት እጥረቱ ቢታከም ሕክምናው የተሻለ ውጤት ይኖረዋል የሚል አቋም ይዘው ነበር፤ ፌሪቲንን እስከ 70 ማድረስን ግብ ያደረገው ልማድም ከዚያ ጋር ይያያዛል። በ2010 ደግሞ ኤሊዝ ኦልሰንና ባልደረቦቿ ፀጉራቸው የሚሳሳና የማይሳሳ ሴቶችን አነጻጽረው፣ የብረት እጥረት በሁለቱም ወገን በብዛት መኖሩን፣ በአንዱ ከሌላው ጎልቶ አለመታየቱን አሳወቁ። እኔ የማምነው በሁለቱ መካከል ባለው ነው። የፀጉር ሥር ከሰውነት ሕዋሳት ሁሉ በፍጥነት ከሚባዙት አንዱ ነው፤ ዘረመልን ለመገልበጥ የሚሠራው ኢንዛይም ደግሞ ብረት ይፈልጋል። ስለዚህ ክምችት ሲሟጠጥ ፀጉር ቢጎዳ አያስገርምም። ነገር ግን እጥረቱ ይህን ያህል የተለመደ ሲሆን፣ ፀጉሯ በሚረግፍ ሴት ላይ መገኘቱ ብቻ ተጠያቂ አያደርገውም። 70 የሚለውን ቁጥርም እንደ ሕግ አልወስደውም፤ ፌሪቲኗ 45 የሆነች ጤነኛ ሴት ለፀጉሯ ስትል ለወራት ኪኒን እየዋጠች ሆዷን የምታደርቅበት በቂ ማስረጃ የለም።

የእኛዋ ሴት ጉዳይ ከሁሉ በፊት በጊዜ ይፈታል። ሐምሌ ላይ ትኩሳት፣ ጥቅምት ላይ መርገፍ፦ መካከሉ ሦስት ወር ነው። የጀመረው በታይፎይዱ ነው ብሎ ማሰብ ከሁሉም የቀረበ ነው፤ እንዲህ ያለው መርገፍ ደግሞ ያለ መድኃኒትም በስድስት ወር ውስጥ ይቆማል። የብረት እጥረቱ ከዓመታት ጀምሮ ቀስ እያለ የመጣ ነው፤ ማገገሙን አዘግይቶት ይሆናል፣ ብቻውን ግን በድንገት በጥቅምት አጋማሽ ላይ የሚጀምርበት ምክንያት የለም። ሐኪሟም የነገሯት ይህንኑ ነው፦ «ብረቱን የምናክመው ደም ስላነሰሽና ክምችትሽ ስላለቀ ነው። ፀጉርሽ ከተመለሰ ደስ ይለናል፤ ግን በኪኒኑ ይመለስ በጊዜው፣ ለይተን ማወቅ አንችልም።»

ዚንክን በተመለከተ 60 የሚለው ቁጥር ላይ ቀስት የተደረገው ከ70 ጋር ስለተነጻጸረ ነው። 70 ግን ጧት በባዶ ሆድ ለተቀዳች ሴት የወጣ ወሰን ነው። ዚንክ ምግብ ከተበላ በኋላና ቀኑ እየገፋ ሲሄድ በተፈጥሮው ይወርዳል፤ ለዚህም ዓለም አቀፉ የዚንክ አማካሪ ቡድን ከሰዓት በኋላ ለሚቀዳ ደም 59 የሚል የተለየ ወሰን አስቀምጧል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የተገኘ 60 በዚህ መስፈሪያ ዝቅተኛ አይደለም። በዚያ ላይ ኢንፌክሽን ዚንክን ከደም ወደ ጉበት ስለሚያሸሸው ቁጥሩ የባሰ ይወርዳል፤ የእሷ ከዚያ በላይ ሆኖ መገኘቱ እጥረት እንዳልነበረ ይበልጥ ያሳያል። ተቃራኒው ስህተትም አለ። ደሙ ሲቀዳ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈነዱ፣ ወይም ዚንክ በሌለበት ልዩ ቱቦ ካልተቀዳ፣ ከሕዋሳቱ ወይም ከቱቦው የጎማ ክዳን የሚወጣው ዚንክ ጎደሎውን ሞልቶ ያሳያል። በሰውነት ውስጥ ካለው ዚንክ በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ እንኳ ንባቡን ለማዛባት በቂ ነው።

ይህ ማለት የዚንክ እጥረት የለም ማለት አይደለም። ዋናው ምግብ እህልና ጥራጥሬ በሆነበት አገር በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክንና ብረትን ይዞ ስለሚያስቀር እጥረቱ የታወቀ ነው፤ ሊጡ መቡካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለረጅም ጊዜ ተቅማጥ የቆየበት፣ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ያጠረ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ፀጉሩ ሲረግፍ፣ በአፉ ዙሪያና በእጁ ላይ ቆዳው ሲላላጥ፣ ጣዕም ሲጠፋበትና ቁስሉ አልድን ሲለው ዚንክን መለካት ተገቢ ነው። ያለ ምክንያት መዋጥ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዚንክ ሲበዛ መዳብ ከአንጀት እንዳይገባ ይከለክላል፤ መዳብ ሲያልቅ ደግሞ በአይረን ኪኒን የማይድን የደም ማነስ ይመጣል። ሐኪሟ የዚንኩን ኪኒን አስቆሟት፤ ምርመራውንም አልደገሙትም፤ ለሳምንታት ዚንክ የዋጠች ሴት ላይ የሚገኘው ቁጥር የሚያስረዳው ነገር ስለሌለ።

የቫይታሚን ዲ 13 ከሁሉም የተለየ ነው፤ ይህኛው በእውነት ዝቅተኛ ነው። ከ20 በታች እጥረት ነው፤ ምሳ መብላቷም ሆነ ሰዓቱ አይለውጠውም። በአውሮፓ ላብራቶሪ የተመረመረች ዘመድ ካለቻት የሁለቱ ወረቀት እንዳያምታታቸው ነው፤ እዚያ የሚጠቀሙበት መለኪያ ሌላ ስለሆነ የእሷ 13 እዚያ 32 ተብሎ ይጻፋል። ፀሐይ በሞላበት አገር ይህ እጥረት መኖሩ ሰውን ያስገርማል። ነገር ግን ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስና ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ መዋል ደግሞ ያን ያህል ፀሐይ አያስገኙም። በ2015 በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የወጣ ጥናት የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ እጅግ በብዛት እጥረቱ እንዳለባቸው አሳይቷል። በዓረብ አገር ከሰው ቤት ሳትወጣ የምትሠራ እህትም ፀሐይ ከላይዋ እያለ የሚገጥማት ይኸው ነው።

ታዲያ ፀጉርስ? እዚህ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ያቀረበችው ማስረጃ አለ። የቫይታሚን ዲ መቀበያው ከውልደት የተበላሸባቸው ልጆች አጥንታቸው ከመጣመሙ ሌላ ብዙዎቹ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ይረግፋል። መቀበያቸው ደህና ሆኖ ቫይታሚኑን ወደሚሠራበት መልኩ መለወጥ ያቃታቸው ልጆች ግን አጥንታቸው ቢጣመምም ፀጉራቸው ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው የፀጉር ሥር አጥብቆ የሚፈልገው መቀበያውን እንጂ ቫይታሚኑን አለመሆኑን ነው። ፀጉር በሚረግፍባቸው ሰዎች ላይ ቫይታሚን ዲ ዝቅ ብሎ መገኘቱን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ግን ፀሐይ የማያገኝ፣ የታመመ ወይም ከቤት የማይወጣ ሰውም ዝቅ ይልበታል። በ2024 የወጣው የአሜሪካው የኢንዶክሪን ሶሳይቲ መመሪያ ጤነኛ ጎልማሶችን ለቫይታሚን ዲ በዘልማድ አትመርምሩ እስከ ማለት የደረሰው ቁጥሩን ማወቁ ምን እንደሚጠቅም ስላልታየ ነው። ሐኪሟ የቫይታሚን ዲውን ኪኒን አላስቆሟትም፤ «ይኼ ለአጥንትሽ ነው፣ ከፀጉርሽ ጋር አታገናኚው» ብለው በቦታው አስቀመጡት።

ከምርመራ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ ባዮቲን። በየመድኃኒት ቤቱና ከውጭ በሚላክ ዕቃ ውስጥ «ለፀጉር፣ ለቆዳ፣ ለጥፍር» እየተባለ የሚመጣው ኪኒን ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም ባዮቲን አለው፤ የሰው የቀን ፍላጎት ግን ከ1 ሚሊ ግራም እጅግ ያነሰ ነው። ብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ራሳቸው በባዮቲን ስለሚሠሩ፣ በደም ውስጥ ያለው ትርፍ ባዮቲን ንባቡን ያዛባዋል። በአንዳንዶቹ ማሽኖች ፌሪቲንንና የታይሮይዱን ቲኤስኤች ከእውነቱ ዝቅ፣ ቫይታሚን ዲን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ይህን አስጠንቅቋል። ፀጉሯ የሚረግፍባት ሴት ይህን ኪኒን የመዋጧ ነገር ከማንም የበለጠ ስለሆነ፣ ከመቀዳቷ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ማቆም አለባት። የእኛዋ ሴት አልጀመረችውም ነበር።

ሐኪሟ ያዘዙላት 65 ሚሊ ግራም ብረት ያለው ኪኒን አንድ ፍሬ በቀን መለስ፣ ማለትም አንድ ቀን እየዘለለች እንድትውጥ ነው። ብረት ሲዋጥ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጭና ለአንድ ቀን ያህል የአንጀቱን በር ስለሚያጠብበው፣ በየቀኑ ከመዋጥ ይልቅ መዝለሉ ከእያንዳንዱ ፍሬ የሚገባውን ድርሻ ይጨምራል፤ ሆድንም ያነሰ ያውካል። ቡናና ሻይ ከኪኒኑ ይራቁ ተባለች፤ ከምግብ በኋላ የሚጠጣው ቡና ብረቱን ይዞ ያስቀራል። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ የፌሪቲን ነጥብ ወደ 8 ሚሊ ግራም የሚሆን ክምችት ነው። ከአንድ ኪኒን ወደ 10 ሚሊ ግራም ቢገባላት፣ በሦስት ወር 45 ኪኒን 450 ሚሊ ግራም ያስገባል፤ ከዚህ ሲሶው ያህል መጀመሪያ ሄሞግሎቢኗን ያነሣል፤ ጥቂቱን የወር አበባዋ ይወስዳል፤ ቀሪው ወደ ክምችት ይገባል። ለዚህ ነው በወሩ ፌሪቲንን መለካት ገንዘብ ማባከን የሚሆነው። ሚያዝያ ላይ ሲለካ 37 ደርሷል።

መርገፉ ከመጋቢት ጀምሮ ቀንሷል፤ ሲሳብ እጅ ላይ የሚቀረው ሁለትና ሦስት ፀጉር ብቻ ነው። አዲስ የበቀለው ፀጉር በእኛ ዓይነት ፀጉር ላይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ እፍግታው እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። የግንባሯ ዳር ግን አልተለወጠም፤ ፌሪቲኗ መቶም ቢደርስ አይለወጥም ነበር። እዚያ የሚረዳት ሹሩባውን ላልቶ እንዲሠራላት ማድረግና ዳር ዳሩን አለመጎንጎን ነው፤ ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ሆኖ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ቦታ ካለ እዚያ የሚመለስ ፀጉር የለም።

ኪኒኑ ከሦስት ወር በኋላም ይቀጥላል፤ ሲቆም ደግሞ ሌላ ሦስት ወር ቆይቶ ፌሪቲኗ እንደገና ይለካል። ያኔ ተመልሶ ወደ 15 ከወረደ የሚገባው በቂ ስላልሆነ ሳይሆን የሚፈስሰው ስለሚበልጥ ነው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ይዛ የምትሄደው ወደ ቆዳ ሐኪም ሳይሆን ሉፑን ወዳስገቡላት የማኅፀን ሐኪም ነው።